«ማኅተም አለው» ብቻውን አይበቃም፦ የእድር ቃለ ጉባኤ ችሎት ፊት ሲቀርብ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ሳቢያን አካባቢ የሚገኝ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው የካቲት በጠቅላላ ጉባኤ የእድሩ አዳራሽ ለአምስት ዓመት እንዲከራይ ወስነን ውል ተፈራርመናል። አሁን አሥራ አንድ አባላት «ጉባኤው አልሞላም፤ እንዲህ ያለ ውሳኔም አልተላለፈም» ብለው ከሰውናል። ቃለ ጉባኤው በእጄ ነው፤ ማኅተምም ፊርማም አለው። አራቱን ገጽ፣ መተዳደሪያ ደንባችንንና የክሱን ግልባጭ ፎቶ አንስቼ ልኬያለሁ። ፍርድ ቤት ያምነዋል ወይ?

ምላሽ፦

ከማኅተሙ ልጀምር፤ ቃለ ጉባኤ ይዞ ቢሮዬ የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ በጣቱ የሚያሳየኝ እሱን ነውና። ማኅተም የሚመሰክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወረቀቱ በሆነ ቀን ማኅተሙን በሚይዘው ሰው እጅ ማለፉን። ያ ቀን ስብሰባው የተደረገበት እሑድ ይሁን ወይስ መጥሪያ ከደረሰ በኋላ ያለ ሌሊት፣ ማኅተሙ አይለይም። በአብዛኛው እድር ደግሞ ማኅተሙ የሚቀመጠው ጸሐፊው ወይም ሰብሳቢው ዘንድ ነው፤ አሁን ቃላቸው የተጠረጠረው ሰዎች ዘንድ ማለት ነው። ዳኛ ማኅተም የሌለበትን ቃለ ጉባኤ «ለምን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ማኅተም ያለበትን ግን በዚያ ብቻ አያምነውም።

ፊርማው ይሻላል፤ እሱም ቢሆን የማን ፊርማ እንደሆነና በምን ላይ እንደተፈረመ ይታያል። አገራችን ራሱን የቻለ የማስረጃ ሕግ የላትም፤ ደንቦቹ በፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉና በየአዋጁ ተበትነው ይገኛሉ። ለእናንተ ጉዳይ መነሻ የሚሆነው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2005 ነው። ፍሬ ነገሩ፣ በጽሑፍ የሰፈረ ሰነድ በውስጡ ስላለው ስምምነትና ስለ ቀኑ፣ በፈረሙት ሰዎች መካከል ሙሉ እምነት የሚጣልበት ማስረጃ ነው የሚል ነው። አንቀጹ ስለ ውል የተጻፈ ቢሆንም፣ እኔ ባየኋቸው የእድርና የማኅበር ክርክሮች ዳኞች ስለ ቃለ ጉባኤም ሲያስቡ የሚነሡት ከዚሁ ነው። «በፈረሙት ሰዎች መካከል» የሚለውን ሐረግ ደግመው ያንብቡት። ከአሥራ አንዱ ከሳሾች ውስጥ የፈረመ ካለ፣ ፊርማው የእሱ መሆኑን ማመን ወይም በግልጽ መካድ አለበት፤ «አላስታውስም» ብሎ ማለፍ አይችልም። ያልፈረመው ከሳሽ ግን በወረቀቱ አይታሰርም። ለእሱ ቃለ ጉባኤው የሌላ ሰው ወሬ ነው፤ ጥሪው መደረጉን፣ ጉባኤው መሙላቱን፣ ድምፅ መሰጠቱን ለእሱ ማስረዳት የእናንተ ሸክም ይሆናል።

የፈረመውም ቢሆን የፈረመው በምን ላይ ነው? የእናንተ አራተኛ ገጽ «የተሰብሳቢዎች ስምና ፊርማ» ይላል። በዚህ ላይ የፈረመ ሰው የመሰከረው መምጣቱን ነው። ውሳኔውን መደገፉን አልመሰከረም፤ ውሳኔው እንዲህ ተብሎ መጻፉንም አልመሰከረም። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ክርክሩ የሚሸነፍበት ቦታ ግን ብዙ ጊዜ እዚሁ ነው።

አንድ የራሴን ሽንፈት ልንገርዎት። ከዓመታት በፊት ለአንድ ማኅበር እከራከር ነበር፤ ስሙ ይቆየን። ቃለ ጉባኤው በኮምፒውተር የተጻፈ፣ ስርዝ ድልዝ የሌለበት፣ ሦስት ገጽ ጽሑፍና አንድ ገጽ ፊርማ ያለው፣ ለዓይን የሚያምር ነበር። የተቃራኒው ወገን ጠበቃ ዋናው ሰነድ እንዲቀርብ ጠየቁ፤ አቀረብን። እሳቸው ጽሑፉን አንድ ጊዜም አላነበቡትም። ገጾቹን አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ አንሥተው በብርሃን አዩአቸው፤ ከዚያ ለዳኛው አሳዩ። ሦስቱ የጽሑፍ ገጾች በግራ ጥጋቸው ላይ አንድ ጥንድ የስቴፕለር ቀዳዳ ነበራቸው። የፊርማው ገጽ ሁለት ጥንድ ነበረው። ወረቀቱ ቀድሞ ከሌላ ነገር ጋር ተያይዞ፣ ተነቅሎ፣ ከእኛ ጽሑፍ ጋር እንደገና ተሰፍቷል ማለት ነው።

ደንበኛዬን ኮሪደር ላይ ስጠይቀው እውነቱን ነገረኝ። ስብሰባው በእርግጥ ተደርጓል፤ ውሳኔውም ተላልፏል። የዚያን ዕለት የፊርማ ወረቀት ግን ጠፍቶበት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ በተደረገ ሌላ ስብሰባ ሰዎቹ የፈረሙበትን ወረቀት አያይዞበት ነበር። «ያው ሰዎቹ እኮ ናቸው» አለኝ። አዎ፣ ያው ሰዎቹ ነበሩ። ውሳኔውም እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ከዚያች ቅጽበት በኋላ ዳኛው የእኛን አንድም ወረቀት አላመኑም፤ ምስክሮቻችንንም በጥርጣሬ ሰሙ። የፊርማው ወረቀት ጠፍቷል ብለን ብንነሣና ተሰብሳቢዎቹን በምስክርነት ብንጠራ ኖሮ የተሻለ ዕድል ነበረን። በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ መዝገባቸው የተወሰደባቸው ሰዎች እንኳ መጥፋቱን አስረድተው በሰው ምስክር መከራከር ይችላሉ፤ ሕጉ ስለ ውል ሲናገር ሰነዱ መጥፋቱ፣ መሰረቁ ወይም መበላሸቱ ከተረጋገጠ በምስክር ለማስረዳት በር ይከፍታል። ለተጠገነ ወረቀት ግን እንዲህ ያለ በር የለም።

ከዚህ የተማርኩትን ለእርስዎ ጉዳይ ልተርጉመው። ቃለ ጉባኤ የሚታመነው በራሱ ማማር አይደለም፤ በጸሐፊው እጅ ካልተሠሩ ሌሎች ነገሮች ጋር ሲገጥም ነው። ዳኛው ወረቀቱን ይዞ የሚያስበው «ይህ ሰው መዋሸት ቢፈልግ ኖሮ፣ ይህንን ሁሉ እንዴት አድርጎ ያስማማው ነበር?» እያለ ነው። መልሱ «በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ኮምፒውተር» ከሆነ ወረቀቱ ቀላል ነው። መልሱ «አይችልም ነበር» ከሆነ ግን ስርዝ ድልዝ ቢኖርበትም ይከብዳል።

የእናንተ አራተኛ ገጽ በዚህ ዓይን ሲታይ ደካማ ነው። በራሱ ላይ ቀን የለውም፤ አጀንዳም የለውም፤ የገጽ ቁጥርም የለውም። የውሳኔው የመጨረሻ መስመር ሦስተኛው ገጽ ላይ ያልቅና ከሥሩ ግማሽ ገጽ ባዶ ይቀራል፤ ፊርማው በአዲስ ወረቀት ይጀምራል። ሁለቱን የሚያስተሳስራቸው የስቴፕለር ሽቦ ብቻ ነው። ከሳሾቹ «የፈረምነው ለወርሃዊ መዋጮ ስብሰባ ነው» ቢሉ ወረቀቱ ራሱ አይቃወማቸውም። ለወደፊቱ ማድረግ ያለባችሁ ቀላል ነው፤ የፊርማው ገጽ ከላይ ቀኑን፣ ቦታውንና አጀንዳውን ይሸከም፣ «ገጽ 4 ከ4» ይባልበት፣ የውሳኔው የመጨረሻ ዐረፍተ ነገርም ፊርማው ያለበት ገጽ ላይ ይውረድ፣ ባዶው ቦታ በሰያፍ መስመር ይዘጋ። አሁን ግን ይህንን በአሮጌው ወረቀት ላይ አታድርጉ። አንድ ቁጥር እንኳ አትጨምሩበት።

ደግነቱ በመልእክትዎ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ የጠቀሷት አንድ ነገር አለች፦ ስብሰባው ላይ የተጻፈው መጀመሪያ በእስክሪብቶ፣ በእድሩ ደብተር ላይ ነው፤ በኮምፒውተር የተገለበጠው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ደብተሩን «ረቂቅ ነው፣ ይሰረዛል፣ አያምርም» ብለው አቃለውታል። እኔ ደግሞ የጉዳዩ እምብርት እሱ ነው እላለሁ። ገጾቹ የተሰፉ ደብተር ከሆነ፣ የየካቲቱ ስብሰባ የሚገኘው በጥር ወር ስብሰባና በመጋቢቱ ስብሰባ መካከል ነው። ያንን ገጽ በኋላ ለመፍጠር የሚፈልግ ሰው መጋቢትንም፣ ሚያዝያንም እንደገና መጻፍ ይኖርበታል። የመጋቢቱ ገጽ ደግሞ «የባለፈው ቃለ ጉባኤ ተነቦ ጸድቋል» የሚል መስመር ካለው፣ ያ መስመር ለየካቲቱ እንደ ሁለተኛ ምስክር ነው። በስብሰባው መካከል የተሰረዘ ቃል ካለም አይፍሩት፤ በአንድ መስመር ተሰርዞ ሥሩ የሚነበብ ቃል ሰው እየሰማ ይጽፍ እንደነበር ያሳያል። የሚያስፈራው በነጭ ቀለም የተሸፈነው ወይም ገጹ የተቀደደበት ነው። ደብተሩንና የኮምፒውተሩን ግልባጭ አብራችሁ አቅርቡ፤ በሁለቱ መካከል የቃል ልዩነት ካለ እናንተው ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ጠበቃቸው እስኪያገኘው አትጠብቁ።

ወደ ውሳኔው ቃል ልለፍ፤ እዚህ ከሳሾቹ ገና ያላዩት ቀዳዳ አለ። እርስዎ በጥያቄዎ «ለአምስት ዓመት እንዲከራይ ወስነን» ይላሉ። ሦስተኛው ገጽ ላይ የተጻፈው ግን «አዳራሹ ለተከራይ እንዲሰጥና ሥራ አስፈጻሚው ውል እንዲፈጽም ተወስኗል» የሚል ብቻ ነው። አምስት ዓመት የሚለው ያለው በውሉ ውስጥ ነው፤ የኪራዩ መጠንም እንዲሁ። ቃለ ጉባኤ ማስረጃ የሚሆነው ለተጻፈበት ነገር ነው። ይህ ወረቀት ሙሉ በሙሉ ቢታመንም እንኳ የሚያስረዳው ጉባኤው ማከራየትን መፍቀዱን ነው።

ይህ ጥቃቅን ነገር መፈለግ እንዳይመስልዎት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ውክልና ሲናገር፣ በቁጥር 2204፣ ከሦስት ዓመት የማይበልጥ ኪራይን ከተራ የአስተዳደር ሥራ ይቆጥረዋል። ከዚያ የሚያልፈው ልዩ ሥልጣን ይፈልጋል። አንድ ጎበዝ ጠበቃ ይህንን ይዞ «ሥራ አስፈጻሚው በአጠቃላይ ቃል የተሰጠው ፈቃድ ለሦስት ዓመት እንጂ ለአምስት አይሆንም» ብሎ ቢከራከር፣ ቃለ ጉባኤያችሁ የሚመልስለት ነገር የለም። የደብተሩን ገጽ ፈልጉ፤ በውይይቱ ላይ «አምስት ዓመት» የሚል ቃል ከማንም አፍ ወጥቶ ተጽፎ ከሆነ ትልቅ ነገር ነው። ካልተገኘ መፍትሔው በግልጽ የሚሠራ ነው፦ ጉባኤውን በደንቡ መሠረት ጠርታችሁ፣ ውሉን ከነዘመኑና ከነኪራዩ አንብባችሁ፣ ያጸድቅ ወይም አያጸድቅ እንደሆነ ድምፅ አሰጡ። ወካይ ያለ በቂ ሥልጣን የተሠራለትን ማጽደቅ ይችላል። ቃለ ጉባኤው ግን የዛሬን ቀን ይይዛል፤ «በየካቲት የተወሰነው ለአምስት ዓመት ነበር» ብሎ ወደ ኋላ አይናገርም። ክሱንም በራሱ አይዘጋውም፤ ለጠበቃችሁ ግን የሚይዘው ነገር ይሰጠዋል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ክሱ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው እዚህ ነው።

ደንባችሁ ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው ከአባላት ግማሽ ሲደመር አንድ ሲገኝ ነው ይላል። አባላቱ 184 ናቸው፤ ስለዚህ 93 ሰው ያስፈልጋል። የእድሩን ንብረት የሚመለከት ውሳኔ ደግሞ ከተገኙት ሁለት ሦስተኛውን ድምፅ ይፈልጋል። የእናንተን ወረቀት ስቆጥር ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች አገኘሁ። የመጀመሪያው ገጽ «98 አባላት ተገኝተዋል» ይላል። አራተኛው ገጽ ላይ 101 ፊርማ አለ። ድምፁ 71 ድጋፍ፣ 19 ተቃውሞ፣ 6 ድምፀ ተዓቅቦ ነው፤ ሲደመር 96።

ከሳሾቹ ይህንን አይተውታል፤ ክሳቸው ላይ «እርስ በርሱ የሚጋጭ» ብለው ጽፈውታል። እውነቱን ለመናገር እኔ በዚህ አልደነግጥም። ሦስቱም ቁጥር በትክክል የሚገጥምበት የእድር ስብሰባ ነው እንዲያውም የሚያጠራጥረኝ። ሰው ይዘገያል፤ ሰው ፈርሞ ቀፊራ ዕቃ ሊገዛ ይወጣል፤ ከሰዓት በፊት ያለው የድሬ ሙቀት ራሱ የተወሰነውን ወደ ቤት ይመልሳል። ጸሐፊው የቆጠረው ስብሰባው ሲከፈት ነው፣ ፊርማው እስከ መጨረሻው ዞሯል፣ ድምፅ ሲሰጥ የወጡ ነበሩ። ጉድለቱ ይህንን በአንድ መስመር አለመጻፋችሁ ነው፦ «በድምፅ አሰጣጡ ጊዜ 96 አባላት በአዳራሹ ነበሩ፤ አምስት አባላት ቀድመው ወጥተዋል» የሚል። ድምፁን የቆጠሩት እነማን እንደሆኑም አልተጻፈም። ሁለት ቆጣሪ ቢሰየምና አንዱ ከተቃዋሚዎቹ ወገን ቢሆን ኖሮ ስለ 71 ዛሬ ማንም አይከራከርም ነበር።

ድምፁ ግን በየትኛውም አቆጣጠር ያልፋል። ትልቁን ቁጥር እንውሰድ፦ ከ101 ሁለት ሦስተኛው 68 ነው፤ እናንተ 71 አላችሁ። ከሳሾቹ ዘጠኝ ፊርማዎችን ለይተው «በአባሉ ሳይሆን በሚስት ወይም በልጅ የተፈረመ ነው» ይላሉ። እሺ፣ ዘጠኙም ይውጡ፤ ለእናንተ ክፉ በሆነው መንገድ ደግሞ ዘጠኙም ድጋፍ የሰጡ ነበሩ እንበል። ድጋፉ 62 ይሆናል፤ ተሰብሳቢው 92። ከ92 ሁለት ሦስተኛው ወደ ላይ ሲጠጋጋ 62 ነው። ለጥቂትም ቢሆን ያልፋል።

ምልዓተ ጉባኤው ግን አያልፍም። 101 ሲቀነስ ዘጠኝ 92 ነው፤ የሚያስፈልገው 93። ከሳሾቹ ዘጠኝ ፊርማ ብቻ የመረጡት ለምን እንደሆነ አሁን ይገባዎታል፤ ስምንት ቢሆን ኖሮ ክሱ ባዶ ነበር። ጉባኤው ካልሞላ ድምፁ ምንም ያህል ቢበዛ ዋጋ የለውም።

እንግዲህ ሥራችሁ በእነዚህ ዘጠኝ ፊርማዎች ላይ ነው። አንደኛው መንገድ ደንቡ ነው። ደንባችሁ የትዳር ጓደኛ የእድሩ ተጠቃሚ መሆኑን ይናገራል፤ በጉባኤ ላይ አባሉን ተክቶ ስለ መቀመጥ ግን ዝም ብሏል። ደንብ ዝም ባለበት ልማድ ይናገራል፤ የቀደሙትን ዓመታት መዝገቦች አገላብጡና የትዳር ጓደኞች እየፈረሙ ያለ ተቃውሞ የተወሰኑ ውሳኔዎችን ለዩ። ከዘጠኙ ከሳሽ የሆነ ሰው ሚስቱ በፈረመችበት የቀድሞ ውሳኔ ተጠቅሞ ከተገኘ፣ ይህ ጥሩ መከራከሪያ ነው። ጥሩ እንጂ የተረጋገጠ አይደለም፤ ዳኛው «ተጠቃሚነት ሌላ፣ ድምፅ ሌላ» ሊል ይችላል። የልጆቹ ፊርማማ ከዚህም የደከመ ነው።

ፊርማው የራሱ ሆኖ ሳለ የካደ ካለ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ሰነዱን ለፎረንሲክ ምርመራ እንዲልከው መጠየቅ ይቻላል። ለዚያ ዋናው ወረቀት ያስፈልጋል፤ ፎቶ ኮፒ ላይ የብዕሩ ግፊትና የእጁ አካሄድ አይታይም። ለማነጻጸሪያ የሚሆን ሰውዬው በዚያው ዘመን የፈረመበት ሌላ ሰነድም ያስፈልጋል፤ የወርሃዊ መዋጮ መዝገባችሁ ለዚህ ሳይጠቅም አይቀርም። ጊዜ የሚወስድ መንገድ ስለሆነ ግን መጀመሪያ የምመርጠው አይደለም።

እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ገጽ ነው። እዚህ ላመሰግንዎት ይገባል፤ አብዛኛው ጸሐፊ የማያደርገውን አድርገዋል። በእጄ ያለፉት ቃለ ጉባኤዎች አብዛኞቹ «ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል» ይላሉ። ሰው በአዳራሽ ኪራይ ላይ በሙሉ ድምፅ ሲስማማ ድሬዳዋ ውስጥ አላየሁም፤ ዳኞቹም አላዩም። እርስዎ ግን ማን ምን ብሎ እንደተቃወመ ጽፈዋል። አንዱ አባል ኪራዩ ዝቅተኛ ነው ብለዋል። አንዲት እናት በሶማልኛ ተናግረው ሌላ አባል ወደ አማርኛ መልሰውላቸዋል፤ የተርጓሚው ስምም ሰፍሯል። ይህች ስም ቀላል አይደለችም፤ የእኛ ስብሰባ በአንድ ቋንቋ ተጀምሮ በሦስት የሚያልቅ ስለሆነ «የተባለው አልገባኝም ነበር» የሚለው ክርክር ሁሌም ይመጣል። ሦስተኛው ተቃዋሚ ደግሞ «አዳራሹ ከተከራየ ወንበሩና ድስቱ የት ሊቀመጥ ነው? ለቅሶ ሲደርስ ከማን ቤት እንልቀም?» ብለዋል።

የፈጠራ ቃለ ጉባኤ እንዲህ ያለ ነገር አይጽፍም። ሐሰተኛ ወረቀት የሚያዘጋጅ ሰው ተቃዋሚ አይፈልግም፤ ቢጽፍም «አንዳንድ አባላት ቅሬታ አቅርበዋል» ብሎ ያልፋል እንጂ ስለ ድስት አያስብም።

የዚህን የሦስተኛውን ተናጋሪ ስም በፊርማው ዝርዝር ላይ ፈለግሁት። 67ኛው ተራ ላይ ነው፤ ከዘጠኙ አንዱ ነው። ከአሥራ አንዱ ከሳሾችም አንዱ ነው። በክሱ ላይ «በዕለቱ አልነበርኩም፤ የፈረመችው ባለቤቴ ናት» ይላል። ፊርማው የባለቤቱ ሊሆን ይችላል፤ ቀድማ መጥታ ፈርማለት እሱ ዘግይቶ ገብቶ ይሆናል። ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው ግን በሰው ነው፤ ፊርማ ለመገኘቱ ማስረጃ ብቻ ነው። እሱ በአዳራሹ ተቀምጦ ስለ ወንበር ከተናገረ 93ኛው ሰው እሱ ነው። የተቀሩት ስምንት ፊርማዎች ቢወድቁም ጉባኤው ሞልቷል፤ የድምፁም ስሌት ይሻሻላል፤ እሱ ተቃዋሚ ስለሆነ ከድጋፉ ሊቀነሱ የሚችሉት ስምንት ብቻ ይሆኑና 63 ድጋፍ ከ93 ሰው ይቀራል፤ የሚያስፈልገው 62 ነው።

ይህንን ግን የእርስዎ ጽሑፍ ብቻውን አያስረዳም፤ «ክሱ ከመጣ በኋላ የጨመርከው ነው» ይላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ደብተሩን ይክፈቱና ንግግሩ በእስክሪብቶ በዚያው ቦታ መኖሩን ያረጋግጡ። ከዚያ በአጠገቡ የተቀመጡ፣ በኪራዩ ላይ አቋም የሌላቸው ሁለት ሦስት ሰዎች ይፈልጉ፤ ድምፀ ተዓቅቦ ካደረጉት ስድስቱ ቢሆኑ ይመረጣል። የመከላከያ መልሳችሁ ሲቀርብ የእነዚህ ምስክሮች ስምና የሰነዶቹ ዝርዝር አብሮ መያያዝ አለበት፤ በኋላ «ረስተን ነው» ብሎ ማስገባት በቂ ምክንያት ይጠይቃል። ጥሪውን በሰፈሩ የለፈፉትንም ሰው አይርሱ፤ ደንባችሁ የሰባት ቀን ማስታወቂያ ይላልና በስንተኛው ቀን እንደዞሩ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

አንድ ሌላ ወረቀትም አለ። ሁለተኛው ገጽ ታች ላይ፣ ለድስቱ ጥያቄ መልስ ሲሰጥ «ዕቃውን ቆጥረው የሚያስረክቡ ሦስት አባላት ተመርጠዋል» ተብሎ ተጽፏል። በእድር ወግ ደግሞ የጠየቀ ሰው ኮሚቴ ይሆናል። ከሦስቱ የመጀመሪያው ስም የእሱ ነው። ቆጠራው ተደርጎ ከሆነ የርክክብ ሰነድ አለ፤ ወንበሩ ስንት፣ ድስቱ ስንት፣ ድንኳኑ ስንት የሚል፣ ከሥሩ የሦስቱ ፊርማ ያለበት። ዕቃ ቤት ያዡ ዘንድ አንድ ቅጂ ሳይኖር አይቀርም። ከሌላው ሁሉ በፊት እሱን ይፈልጉልኝ፤ ሲያገኙት ምንም ሳይጽፉበት፣ ሳይሰፉት፣ ማኅተምም ሳያደርጉበት በፖስታ አድርገው ይዘውልኝ ይምጡ።